ያልተሠራ ቤት ውስጥ ካሜራ እንዴት ይራመዳል

አዲስ አበባ ውስጥ አፓርታማ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ሳይሠራ ነው። ገዢው የሚያየው ፕላን፣ ጥቂት ሥዕሎችና በስልኩ የሚላክለት አጭር ቪዲዮ ነው። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ለሚኖር ገዢማ ቪዲዮው ከፕላኑ በላይ ይናገራል፤ ካሜራው በበሩ ይገባል፣ ኮሪደሩን ያልፋል፣ ሳሎን ደርሶ በረንዳው ጋ ይቆማል። የእነዚህ ቪዲዮዎች ድክመት አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ላይ አይደለም። ወለሉ ያንጸባርቃል፣ መጋረጃው በሚገባ ተሰቅሏል። ካሜራው ግን ከቆመበት ሳይታሰብ ይስፈነጠራል፣ ጥጉ ላይ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ይጠመዘዛል፣ መጨረሻ ላይም ግድግዳ የገጨ ይመስል ቀጥ ይላል። ተመልካቹ ምክንያቱን አያውቅም፤ ራሱን እንደሚያዞረው ግን ያውቃል።

የዚህ ሁሉ መነሻ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ላይ ማጠር ነው። ካሜራው የት እንደሚሄድ አንድ ጉዳይ ነው፤ ወዴት እንደሚያይ ሌላ፤ ዓይኑን በየትኛው ርቀት ላይ እንደሚያጠራ ደግሞ ሦስተኛ። ጀማሪ ካሜራውን እዚህ ያስቀምጥና ቦታውንም አቅጣጫውንም አብሮ ይመዘግባል፤ ትንሽ ገፋ አድርጎ እንደገና ይመዘግባል፤ እንዲህ እያለ አሥር አሥራ አምስት ቦታ ላይ ይደግመዋል። ሶፍትዌሩ በየመሀሉ ያለውን ክፍተት በራሱ ግምት ስለሚሞላው እያንዳንዱ የተመዘገበ ነጥብ ላይ ትንሽ መንገጫገጭ ይፈጠራል። መፍትሔው ነጥብ መጨመር አይደለም፤ መቀነስ ነው።

አካሄዱን በአንድ ቤት ላይ እንየው። ሶፍትዌሩ ብሌንደር ይሁን፤ በነፃ የሚገኝ ነው፣ ሌሎቹም በስም እንጂ በአሠራር ብዙ አይለዩትም። ቤቱ ባለ ሦስት መኝታ አፓርታማ ነው እንበል። ከመግቢያው በር ጀምሮ 5 ሜትር ኮሪደር አለ፤ ኮሪደሩ ሲያልቅ ወደ ቀኝ ታጥፈው ሰፊ ሳሎን ይገባሉ፤ በሳሎኑ ወዲያኛው ጫፍ የበረንዳው መስታወት አለ። ካሜራው የሚሄድበት መስመር በኮሪደሩ 5 ሜትር፣ በማጠፊያው 2 ሜትር ያህል፣ በሳሎኑ 7 ሜትር፣ በድምሩ 14 ሜትር ነው። ቪዲዮው ደግሞ 20 ሰከንድ ይሆናል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲታሰብ 500 ፍሬም ማለት ነው።

መጀመሪያ መስመሩ። ብሌንደር ላይ ከላይ ወደ ታች በሚያሳየው እይታ ሆነን አንድ ኩርባ መስመር እንስላለን። ለዚህ ቤት አምስት ነጥብ ይበቃል፤ ሁለቱ ኮሪደሩ ውስጥ፣ አንዱ ማጠፊያው ላይ፣ ሁለቱ ሳሎኑ ውስጥ። ማጠፊያው ሰፋ ያለ ቅስት መሆን አለበት። ቀጥታ ሄዶ በ90 ዲግሪ የሚሰበር መስመር ላይ የተቀመጠ ካሜራ በምንም ዘዴ አይለሰልስም። ነጥቦቹ ሁሉ ከወለሉ እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ፤ እኔ 1.4 ሜትር እመርጣለሁ። ይህ ከቆመ ሰው ዓይን ትንሽ ዝቅ ያለ ነው፤ ጣሪያና ወለሉን በተመጣጠነ ሁኔታ ያሳያል፣ ጠረጴዛውንም ከአናቱ አያስመለክትም። ከነጥቦቹ አንዱ በስህተት አምስት ሴንቲሜትር ከፍ ካለ ካሜራው ምንም በሌለበት ደረጃ የወጣ ይመስላል፤ ስለዚህ መስመሩን ከጎንም አይቶ ዝርግ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከዚያ ባዶ ዕቃ እንጨምራለን። ብሌንደር Empty የሚለው፣ ሬንደር ሲደረግ የማይታይ ምልክት ነው። ለዚህ ዕቃ Follow Path የተባለውን ትእዛዝ ሰጥተን ከመስመሩ ጋር እናስረዋለን፤ ካሜራውን ደግሞ በዕቃው ላይ እናስቀምጠዋለን። በቀረጻ ሥራ ካሜራ በሐዲድ ላይ በሚገፋ ጋሪ እንደሚጫን ማለት ነው። ጋሪው ወደፊት ይሄዳል፤ ካሜራው በጋሪው ላይ እንዳለ ወደፈለገው አቅጣጫ ይዞራል። ትእዛዙ ውስጥ Follow Curve የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን መተው ይሻላል። ከተመረጠ ካሜራው አፍንጫውን ሁልጊዜ በመስመሩ አቅጣጫ ይቀስራል፤ ማጠፊያው ላይም ሦስት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ሩብ ክብ ይዞራል። ቤት የሚጎበኝ ሰው እንዲህ አይሄድም። ሰው ከመታጠፉ በፊት ያያል፤ እግሩ ገና ኮሪደር ውስጥ እያለ ዓይኑ ሳሎን ገብቷል።

Fixed Position የሚለውን ግን እንመርጣለን። ያን ጊዜ የጋሪው ቦታ ከ0 እስከ 1 በሚሄድ አንድ ቁጥር ብቻ ይገለጻል፤ 0 መነሻው ነው፣ 1 መድረሻው። የ14 ሜትሩ ጉዞ በሙሉ በአንድ ቁጥር ስለሚታዘዝ ፍጥነቱንም በአንድ ግራፍ ላይ መቆጣጠር ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ፍጥነት። የዲዝኒ አኒሜተሮች ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን በ1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት መጽሐፍ ከዘረዘሯቸው አሥራ ሁለት የአኒሜሽን መርሆች አንዱ ይህንኑ ይመለከታል፤ ክብደት ያለው ነገር ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎም ይቆማል። ካሜራም ክብደት አለው። ጋሬት ብራውን በ1970ዎቹ የሠራው ስቴዲካም፣ ስታንሊ ኩብሪክም በ1980 «ዘ ሻይኒንግ» ፊልሙ የሆቴሉን ኮሪደሮች ያስጎበኘበት መሣሪያ፣ የካሜራውን ክብደት ከሰውዬው እርምጃ ነጥሎ ስለሚይዝ ነው እንዲያ የሚንሳፈፈው። ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ካሜራ ግን ምንም አይመዝንም። በአንድ ፍሬም ውስጥ ከዜሮ ወደ ሙሉ ፍጥነት ቢገባ የሚከለክለው የለም። ክብደቱን የምንሰጠው እኛ ነን።

ቀላሉ መንገድ በመጀመሪያው ፍሬም ላይ 0፣ በመጨረሻው ላይ 1 ብሎ መዝግቦ የቀረውን ለሶፍትዌሩ መተው ነው። ብሌንደር ሁለቱን በለዘበ ኩርባ ያገናኛቸዋል፤ ካሜራውም ቀስ ብሎ ተነስቶ ቀስ ብሎ ይቆማል። ለአምስት ሰከንድ ቪዲዮ ይህ ደህና ነው። በ20 ሰከንድ ላይ ግን አንድ የተደበቀ ችግር ይመጣል። የ14 ሜትር ጉዞ በ20 ሰከንድ ሲካፈል አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 70 ሴንቲሜትር ነው። ኩርባው ከዳር እስከ ዳር ሲለዝብ ግን ካሜራው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያባከነውን ጊዜ መሀል ላይ ማካካስ አለበት፤ እዚያ ፍጥነቱ ከአማካዩ አንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል፣ በሰከንድ ከአንድ ሜትር ያልፋል። በእኛ ቤት ደግሞ መሀሉ ማጠፊያው ነው። ካሜራው ባዶው ኮሪደር ውስጥ ሲንቀረፈፍ ቆይቶ ሊጠነቀቅ የሚገባው ቦታ ላይ ይሮጣል። «ለስላሳ አድርጌዋለሁ፣ ግን አሁንም አንድ ነገር ይረብሻል» የሚሉ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚያማርሩት ይህንን ነው።

የተሻለው ዘዴ ማለዘቡን በሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ መወሰን ነው። ካሜራው በመጀመሪያዎቹ 2 ሰከንዶች ፍጥነቱን ይጨምር፣ ለ16 ሰከንድ በአንድ ፍጥነት ይሂድ፣ በመጨረሻዎቹ 2 ሰከንዶች ይቀንስ። ሒሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። ፍጥነት ሲጨምርም ሆነ ሲቀንስ ካሜራው በአማካይ በግማሽ ፍጥነት ስለሚሄድ፣ ሁለቱ ጫፎች በአንድ ላይ እንደ 2 ሰከንድ ሙሉ ጉዞ ይቆጠራሉ። ስለዚህ 14 ሜትርን ለ20 ሳይሆን ለ18 እናካፍላለን፤ በሰከንድ 78 ሴንቲሜትር ይመጣል። ይህ ከተለመደው የሰው እርምጃ በጣም የቀዘቀዘ፣ ለቤት ጉብኝት ግን ልክ የሆነ ፍጥነት ነው። በእያንዳንዱ ጫፍ የሚሸፈነውም ያው 78 ሴንቲሜትር፣ ማለትም ከ14 ሜትሩ 0.056 ነው።

በግራፉ ላይ የሚመዘገቡት ነጥቦች እንግዲህ አራት ብቻ ናቸው። ፍሬም 1 ላይ 0፣ ፍሬም 51 ላይ 0.056፣ ፍሬም 451 ላይ 0.944፣ ፍሬም 501 ላይ 1። በ1 እና በ51 መካከል ያለውን ክፍል በT ቁልፍ በሚከፈተው ዝርዝር Quadratic እናደርገዋለን፤ የመሀሉን Linear፤ የመጨረሻውንም Quadratic፤ እዚህኛው ላይ ግን በCtrl+E ገብተን Ease Out ማለት አለብን፤ አለዚያ ካሜራው ሊቆም ሲል ይብስ ይፈጥናል። Quadratic የተመረጠው እንዲያው አይደለም። ይህ ኩርባ ሲያልቅ የሚደርስበት ፍጥነት ከአማካዩ በትክክል ሁለት እጥፍ ስለሆነ በሰከንድ 78 ሴንቲሜትር ላይ ደርሶ ከቀጥታው መስመር ጋር ይገጥማል፤ መጋጠሚያው ላይ እርግጫ የለም። Cubic ብንመርጥ ካሜራው ፍሬም 51 ላይ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ይደርስና ድንገት ይቀዘቅዛል። ግራፉ ላይ እንደ ስብራት ይታያል፤ ያ ስብራት ከታየ ቪዲዮው ላይም ይታያል።

ቀጥሎ ዓይኑ። ሌንሱ 24 ሚሊሜትር ይሁን፤ በ36 ሚሊሜትር ሴንሰር ላይ ወደ ጎን 74 ዲግሪ ያህል ያሳያል። ከዚህ የሰፋ ሌንስ ክፍሉን ቢያተልቀውም የሶፋውን ጥግ ይለጥጠዋል፤ ገዢውም ቁልፉን ተረክቦ ሲገባ ሳሎኑ ጠቦ ይጠብቀዋል። ካሜራው ወደላይም ወደታችም ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ያን ጊዜ የግድግዳው ጠርዞችና የበሩ መቃኖች ቀጥ ብለው ይታያሉ።

ስለ አዟዟር ፍጥነት ሲኒማ ሠሪዎች አንድ የቆየ ልማድ አላቸው። ካሜራ ወደ ጎን ሲዞር አንድ ዕቃ ከምስሉ አንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመድረስ ሰባት ሰከንድ ያህል ይውሰድ ይላሉ። ከዚያ ከፈጠነ በ24 ወይም በ25 ፍሬም የሚታይ ምስል ይቆራረጣል፤ በተለይ እንደ መስኮት ፍሬም ያለ ቀጥ ያለ፣ ከጀርባው ብርሃን ያለበት መስመር ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል። በእኛ ሌንስ ይህ በሰከንድ 10 ዲግሪ ተኩል ነው። እንግዲህ ከኮሪደሩ ወደ ሳሎኑ 90 ዲግሪ ለመዞር ከስምንት ሰከንድ በላይ ሊያስፈልገን ነው። በዚያን ያህል ጊዜ ካሜራው ከስድስት ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ኮሪደሩ ውስጥ ቆመን ግድግዳ ልናሳይ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚያድነው 90ውን ሙሉ አለመዞር ነው። ካሜራው ሲነሳ ኮሪደሩን ፊት ለፊት ከማየት ይልቅ 20 ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ፣ ወደ ሳሎኑ ክፍት በኩል ያዘንብል። ሲያበቃም የሳሎኑን ርዝመት ተከትሎ ከማየት ይልቅ 20 ዲግሪ ቀርቶት የበረንዳውን ጥግ እያየ ይቁም። የቀረው መዞር 50 ዲግሪ ብቻ ነው። ለዚህ 7 ሰከንድ እንሰጠዋለን፤ በአማካይ በሰከንድ 7 ዲግሪ ነው፣ ለዝቦ ተነስቶ ለዝቦ ስለሚቆም መሀል ላይ ወደ 11 ይደርሳል። ይህ ከልማዱ ጋር ይቀራረባል። ጥግ እያየ የሚቆም ምስል ደግሞ ግድግዳን ፊት ለፊት ከሚያይ የበለጠ ጥልቀት አለው፤ ስለዚህ የከሰርነው ነገር የለም። ማጠፊያው ከ9 ሰከንድ ትንሽ ቀደም ብሎ የሚጋጠም ስለሆነ ዓይኑ መዞር የሚጀምረው በ5 ሰከንድ ተኩል ግድም፣ የሚያበቃውም ወደ 12 ሰከንድ ተኩል ላይ ነው። ለዚህ ሁለት ነጥብ መመዝገብ ይበቃል።

ብዙዎች ዓይኑን በሌላ መንገድ ያስሩታል፤ ሌላ የማይታይ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ያስቀምጡና ካሜራው እሱን ብቻ እንዲያይ ያደርጋሉ። Track To የሚባለው ትእዛዝ ነው። ሩቅ ያለ ዕቃን ለማየት ጥሩ ነው። ካሜራው አጠገቡ ሲያልፍ ግን ዕቃው ከፊት ወደ ጎን የሚሸሸው በጣም ፈጥኖ ስለሆነ ካሜራው ይወናጨፋል። ከሦስት ሜትር የማይቀርብ ከሆነ ብቻ ይጠቀሙበት እላለሁ።

ሦስተኛው የፎከስ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ሰው እጁን መሰብሰብ ያቅተዋል። ከፊት ያለው አበባ ጠርቶ ከኋላው ሁሉም ሲደበዝዝ ውድ ካሜራ ይመስላል፤ ስለዚህ ቁጥሩን እስከታች ይጎትቱታል። ሰፊ ሌንስ ግን በተፈጥሮው ብዙ አያደበዝዝም። በ24 ሚሊሜትር ሌንስ F-Stop 2.8 ላይ አድርገን በ3 ሜትር ርቀት ላይ ብናጠራ፣ ከ2.1 እስከ 5.3 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ግን በዚያው ቁጥር የጠራው ከ2.7 እስከ 3.3 ሜትር ብቻ ነው። ሰፊውን ሌንስ ይዘው እንደ 50ው እንዲያደበዝዝላቸው F-Stopን ወደ 0.5 የሚያወርዱ አሉ። ውጤቱ ክፍሉን የአሻንጉሊት ቤት ያስመስለዋል፤ ምክንያቱም ዓይናችን እንዲህ ያለ ብዥታን የሚያውቀው ከትንንሽ ዕቃዎች ጋር ተጠግቶ ከተነሳ ፎቶ ነው። ቤት የሚሸጥ ቪዲዮ ላይ ይህ ገዢውን የሚያባርር ስህተት ነው።

ብዥታው ከመስተካከሉ በፊት የሞዴሉ መጠን ይታይ። ከሌላ ሶፍትዌር የመጣ ሞዴል ሚሊሜትሩ እንደ ሜትር ተነቦ ወይም በተቃራኒው ገብቶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የትኛውም F-Stop ትክክለኛ ውጤት አይሰጥም፤ ወይ ምንም አይደበዝዝም ወይ ሁሉም ይጠፋል። የበሩን ቁመት መለካት ነው፤ 2.1 ሜትር ግድም ካልሆነ ሞዴሉ መስተካከል አለበት።

በእኛ ጉዞ ኮሪደሩን ስናልፍ F-Stop 8 አድርገን ፎከሱን 2.4 ሜትር ላይ ብናቆመው ከ1.2 ሜትር ጀምሮ እስከ ሩቁ ድረስ ሁሉም ይጠራል፤ ሰው ቤቱን ማየት የሚፈልገውም እንዲህ ነው። ብዥታ የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ካሜራው በረንዳው ጋ ሊቆም ሲል ነው። የቡና ረከቦት ከመስታወቱ ፊት ተቀምጧል እንበል፤ ከካሜራው መቆሚያ አንድ ሜትር ላይ። F-Stopን ቀስ በቀስ ወደ 2.8 አውርደን ፎከሱን ከሩቁ ጥግ ወደ ሲኒዎቹ ማምጣት እንችላለን። ለዚህ ካሜራውን በFocus Object ከአንድ የማይታይ ዕቃ ጋር እናስረውና ዕቃውን እናንቀሳቅሳለን፤ አንድን ዕቃ ትቶ በሌላ መተካት ግን አይሆንም፣ ፎከሱ በአንድ ፍሬም ይዘላል። ለመሸጋገር ከ25 እስከ 40 ፍሬም ይበቃዋል። ሽግግሩ ካሜራው ከቆመ በኋላ ወይም ሊቆም ሲል ይሁን። ዓይን፣ ቦታና ፎከስ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ሲለዋወጡ ተመልካቹ የትኛውን እንደሚከተል ይጠፋዋል። ስለዚህ ቪዲዮውን በሁለት ሰከንድ ማራዘም ያስፈልግ ይሆናል፤ 20 ሰከንድ ያልነው የጉዞውን ጊዜ ነው።

ሬንደር ከመደረጉ በፊት ሁለት ምርመራ አለ። አንደኛው Motion Paths የሚባለው ነው፤ ካሜራው በየፍሬሙ የቆመበትን ነጥብ በመስመሩ ላይ ያሳያል። ነጥቦቹ መጀመሪያ ተጠጋግተው፣ መሀል ላይ እኩል ተራርቀው፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ተጠጋግተው ከታዩ ፍጥነቱ ደህና ነው። አንድ ቦታ ላይ በድንገት ከሰፉ ወይም ከተቃቀፉ የሚረብሸው ቦታ እሱ ነው። ሁለተኛው ቪዲዮውን ያለብርሃንና ያለቁስ፣ በግራጫ ቀለም ብቻ አውጥቶ በስልክ ላይ ማየት ነው፤ ይህ ደቂቃዎችን ብቻ ይፈጃል። ቆንጆ ብርሃን መጥፎ እንቅስቃሴን ይሸፍናል፤ ግራጫው ግን አይደብቅም።

ከዚያ የሚቀረው ኮምፒዩተሩን ለሥራው መተው ነው። Motion Blur ይብራ፤ Shutter 0.5 ላይ ይቆይ፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን ይህ ከአንድ ሰከንድ ሃምሳኛው እጅ ጋር እኩል ነው፤ እውነተኛ ካሜራም እንዲህ ነው የሚያነሳው። ብዥታ ያለባቸው ፍሬሞች ነጠብጣብ ስለሚበዛባቸው ከሌሎቹ የበለጠ ናሙና ይፈልጋሉ። አንድ ፍሬም 3 ደቂቃ ቢወስድ 500ው 25 ሰዓት ይፈጃል፤ በ25 ሰዓት ውስጥ ደግሞ መብራት ላይጠፋ ይችላል ብሎ መወራረድ አያስፈልግም። በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል የሚወጣ ሥራ በ23ኛው ሰዓት መብራት ሲጠፋ ሙሉውን ይዞ ይጠፋል። ስለዚህ ፍሬሞቹ አንድ በአንድ እንደ PNG ምስል ይውጡ። Overwrite የሚለው ይጥፋና Placeholders ይብራ፤ መብራቱ ሲመለስ ብሌንደር ያሉትን ዘሎ ከቀሩት ይቀጥላል፤ የመብራት መጥፋት መሀሉን ያገኘውን ያንን አንድ ፍሬም ግን ሰርዞ እንደገና ማሠራት ነው፤ ግማሽ ሆኖ ወይም ባዶ ሆኖ ይቀመጣልና።